ጥርስ ባዳ ነው

ስለ ሳቅ ከሚነገሩ የአማርኛ አባባሎች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ባዳ ማለት ዘመድ ያልሆነ፣ የውጭ ሰው ማለት ነው። ሆድ እያለቀሰ ጥርስ ብልጭ ይላል። የቤቱን ሐዘን እንዳልሰማ እንግዳ ይስቃል። ለዚህ ነው ባዳ የተባለው።

አባባሉን ብዙ ጊዜ የሰማሁት ከሐዘንተኞች አፍ ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት አንድ ሰው ድንገት የተናገረው ነገር ያስቃታል። ትስቅና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከዚያ «ምን ይደረግ፣ ጥርስ ባዳ ነው» ትላለች። ይህች ሴት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው ያደረገችው። ስቃለች፤ ሐዘኗንም እንዳልረሳች ተናግራለች። ሳቋ ሐዘኗን አላጠፋባትም። እንዲያውም የሰማናት ሁሉ ሐዘኗ የባሰ ተሰማን።

ስለ ራሳችን ከባድ ነገር ስንጽፍ እንደዚህች ሴት ማድረግ ይቻላል? እየሳቁና በራስ ላይ እየቀለዱ፣ ያም ሆኖ እውነተኛውን ስሜት ሳያቃልሉ መጻፍ ይቻላል? ይቻላል፤ ግን ቀልዱ የት እንደሚቀመጥና በማን ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ይጠይቃል። ዛሬ ይህንን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። «ወግ» የሚባል ራሱን የቻለ የአጻጻፍ ዓይነት አለን። ወግ የሚጽፍ ሰው ያየውንና የደረሰበትን ነገር ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ አድርጎ ይጽፋል። በዚህ ስሙ በጣም የታወቀው መስፍን ሀብተማርያም ሲሆን፣ «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» የሚለው መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ በጨዋታ ቋንቋ ቁም ነገር መጻፍ ከውጭ አገር የመጣ ነገር አይደለም።

አንድ ጠዋት፣ ሦስት አጻጻፍ

ምሳሌዬ የአያቴ መርዶ ነው። መርዶ ማለት የሞት ዜና ነው። በባህላችን መርዶ በስልክ ብቻ አይነገርም። ሽማግሌዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው በጠዋት ወደ ሰውዬው ቤት ይሄዳሉ። ጠዋት የሚሆነው ሰውዬው ወደ ሥራ ሳይወጣ ቤቱ እንዲያገኙት ነው። ብዙ ሆነው የሚሄዱት ደግሞ ሲያለቅስ የሚይዘው ሰው እንዳይጠፋ ነው። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎችም ይህን ልማድ ይዘነው መጥተናል። አገር ቤት ቀብሩ ቶሎ ስለሚፈጸም፣ እኛ መርዶ ስንሰማ ብዙ ጊዜ ሟቹ ተቀብሯል።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አያቴ ዘጠኝ ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ አሳድጋኛለች። ስትታመም እናቴ ልታስታምማት ወደ አዲስ አበባ ሄደች። በስልክ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ «ተሽሏታል» ነበር። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ።

ስለዚህ ጠዋት መጻፍ የጀመርኩት ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ነው። የትኛው አጻጻፍ ጠዋቱን እንደሚመስለው ለማየት ብዬ፣ ሆን ብዬ በሦስት ዓይነት መንገድ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ምንም ቀልድ አልነበረበትም፤ እንዲህ ይል ነበር፦

«የአያቴን መርዶ ስሰማ ልቤ ተሰበረ። ዓለም ጨለመችብኝ። እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ። እሷን የመሰለ ሰው ዳግመኛ አላገኝም።»

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የለም። ግን አያቱ የሞተችበት ሰው ሁሉ ይህንኑ ሊጽፍ ይችላል። የእኔ አያት የለችበትም፤ የእኔ በርም አልተንኳኳበትም። እነዚህ ቃላት ብዙ ሰው ስለተጠቀመባቸው አልቀዋል። አንባቢው ማዘን እንዳለበት ይገባዋል፤ ነገር ግን የሚያዝንበት ነገር አያይም።

ሁለተኛው አጻጻፍ ተቃራኒው ነበር። የዚያን ጠዋት አስቂኝ ነገር ሁሉ ሰበሰብኩበት። ዳክዬ የተሳለበት ፒጃማዬ አለ። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ፍለጋዬ አለ። ወንድሜን የጠየቅኩት ጥያቄ አለ። አያቴ መሞቷ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ያውም በቀልድ፦

«አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንግዳ ተቀበይ ስትለኝ ኖራ፣ ይኸው በሞቷም ስድስት እንግዳ ላከችብኝ።»

ይህንን ለታናሽ እህቴ አነበብኩላት። እህቴ አገር ስንለቅ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አያታችንን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳቀች። ሲያልቅ «አንቺ እኮ ኮሜዲያን መሆን ነበረብሽ!» አለችኝና ተነስታ ሻይ ልትቀዳ ሄደች። ስለ አያታችን ምንም አልጠየቀችም። የምትጠይቀው ነገር አልተወላትም፤ የመጨረሻው ቀልድ በሩን ዘግቶት ነበር።

ሦስተኛው አጻጻፍ ይኸው፦

«የአያቴ መርዶ የመጣ ዕለት፣ መርዶ ነጋሪዎቹን ቡና ካልጠጣችሁ ብዬ ተጨቃጨቅኩ። በሩን ስከፍት ስድስት ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። አስተዋይ ሰው እዚያው ላይ ነገሩ ይገባው ነበር። እኔ ሆዬ የታየኝ የራሴ ፒጃማ ነው፤ ዳክዬ የተሳለበት፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ። ከሰዎቹ ኋላ ወንድሜ ቆሟል። ወንድሜ የሚኖረው አትላንታ ነው፤ በመኪና የአሥር ሰዓት መንገድ። ‹ምነው፣ ከሥራ አባረሩህ እንዴ?› አልኩት። አልመለሰልኝም።

ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ ሕንፃ ፈቃድ የሌለውን መኪና ያስጎትታል። አስተናጋጅ ተብዬዋ እኔ የፈቃዱን ወረቀት ፍለጋ መሳቢያ እገለብጣለሁ። ‹መኪናችሁ ቢጎተት በኋላ እኔን እንዳትወቅሱ!› እላለሁ። የእናቴ ጓደኛ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው የማታውን ሰሃን ያጥባሉ። እኔ አሁንም አልገባኝም። ቡና ልቆላ ብረት ምጣዱን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በሳሙና ረጥቧል። ‹ተይው ልጄ› አሉኝ፤ ‹ቡናውን እኛ እናፈላዋለን።›

ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አያቴ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብልታ፣ አጥባ፣ ፀጉሬን ሠርታ አሳደገችኝ። እኔ ግን አፈር አላለበስኳትም።»

ቀልዶቹ ከሁለተኛው አጻጻፍ የመጡ ናቸው፤ አዲስ ቀልድ አልጨመርኩም። የተለወጠው ቦታቸው ነው። አሁን ለውጦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

በሩ ላይ ማልቀስ

ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ ሳቅ እንዳለ አይታችኋል። አገር ቤት ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ። ስለ ሟቹ አስቂኝ ታሪክ ይነገራል። ሐዘንተኛውን «ተጫወት እንጂ» ይሉታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። የሚቀልደው ሰው መጀመሪያ በሩ ላይ ሲደርስ አልቅሷል፤ ሐዘንተኛውን አቅፏል፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ የሚጫወተው። ሳያለቅስ ገብቶ የሚቀልድ ሰው ግን ነውረኛ ነው።

ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው አጻጻፍ ሳያለቅስ ገብቶ የሚቀልድ ሰው ነበር። ሦስተኛው ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «የአያቴ መርዶ የመጣ ዕለት» ብሎ ይጀምራል። አንባቢው ሞት መኖሩን ከበሩ ጀምሮ ያውቃል።

ይህ ቀልዱን ራሱን ይለውጠዋል። አሁን አንባቢው ያውቃል፤ ፒጃማ የለበሰችው ሴት ግን አታውቅም። ወንድሟን «ከሥራ አባረሩህ እንዴ?» ስትለው አንባቢው ይስቃል። ግን ወንድሟ ሌሊቱን ሙሉ ለምን እንደነዳ ስለሚያውቅ ሳቁ ይጎመዝዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ቀልድ አንባቢውን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። «ተይ በቃሽ፣ አንድ ሰው ይንገራት» ይላል በሆዱ። በሁለተኛው አጻጻፍ ቀልድ ሐዘኑን አርቆት ነበር። እዚህ ግን ያው ቀልድ ሐዘኑን አቀረበው።

ከባድ ነገርን በቀልድ ልትጽፉ ስታስቡ፣ መጀመሪያ የነገሩን እውነት በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ረጅም መሆን የለበትም። «አባቴ ጥሎን የሄደ ዓመት…» ወይም «ዶክተሩ የእናቴን ውጤት የነገረን ቀን…» ይበቃል። አንባቢው ያንን ከያዘ በኋላ መቀለድ ትችላላችሁ።

ቀልዱ በማን ላይ ነው?

በሦስተኛው አጻጻፍ ውስጥ የሚሳቅበትን ነገር ቁጠሩ። ፒጃማዬ፣ ጥያቄዬ፣ የመኪና ማቆሚያ ንግግሬ ነው። ሁሉም ያልገባት ሴት የምታደርገው ነገር ነው። የሚሳቅባት እኔ ነኝ። በአያቴ አልተሳቀም፤ በሞቷም አልተሳቀም፤ ለእሷ ባለኝ ፍቅርም አልተሳቀም።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር የቆመው በእሱ ላይ ነው። በራስ ላይ መቀለድ ማለት «ስሜቴ የማይረባ ነው» ማለት አይደለም። «ይህ ትልቅ ስሜት ፊቴ ሲቆም እኔ ምን ያህል ትንሽ ሆንኩ» ማለት ነው። ስሜቱ እንደ ተራራ እንዳለ ይቀራል፤ የሚያስቀው ተራራው ሥር ወረቀት የምትፈልገው ሴት ናት። እሷ ባነሰች ቁጥር ተራራው ይረዝማል።

ወንድሜንም ተመልከቱት። ያን ጠዋት ዓይኑ አብጦ ነበር፤ ሸሚዙንም ገልብጦ ነበር የለበሰው። ይህንን ብጽፈው ያስቅ ይሆናል፤ አልጻፍኩትም። ሌሊቱን ሙሉ የአያታችንን ሞት ብቻውን ይዞ የነዳ ሰው ነው። በእሱ ላይ ቢሳቅ አንባቢው እኔን ይታዘበኛል። ያስቀመጥኩለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልመለሰልኝም» የሚለው። ያንን እንኳን ከመጻፌ በፊት አስፈቅጄዋለሁ። በራሳችን ላይ የመቀለድ መብት አለን፤ የሌላውን ሰው የሐዘን ፊት ግን ሳያስፈቅዱ አደባባይ ማውጣት አይገባም።

ከሳቁ በኋላ መቆየት

«ያን ጊዜ ተረዳሁ» ከሚለው በኋላ ምንም ቀልድ የለም። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ግን የጽሑፉ ክብደት ያለው እዚያ ነው።

ይህንን ነጥብ በደንብ ያስረዱት አንድ የመድረክ ቀልደኛ ናቸው። ከአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ የመጡት ሃና ጋድስቢ «ናኔት» የተባለው ዝግጅታቸው በ2018 በኔትፍሊክስ ሲቀርብ ብዙ አነጋግሯል። በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ አንድ ሰው ሊመታቸው እንደነበር በቀልድ ይነግራሉ፤ ሕዝቡ ይስቃል። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ግን ወደዚያው ታሪክ ይመለሱና የቀረውን ይናገራሉ። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ደብድቧቸው ነበር። ማንም አይስቅም። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው። ቀልድ ሁለት ክፍል ይበቃዋል፤ መነሻና ማሳቂያ። ታሪክ ግን ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ። ታሪኩን ማሳቂያው ላይ ቆርጠን የምንተወው ከሆነ፣ የሚያመው ክፍል ሳይነገር ይቀራል።

የሁለተኛው አጻጻፌ መጨረሻ እንዲህ ያለ ነበር። «ስድስት እንግዳ ላከችብኝ» የሚለው ማሳቂያ ነው፤ ቀብሯ ላይ አለመገኘቴ ግን አልተነገረም። እውነቱን ለመናገር ያቺ ቀልድ ራሷ ክፉ አይደለችም። ረዘም ባለ ጽሑፍ ውስጥ፣ መሃል ላይ፣ ስለ ለቅሶው ቀናት ሳወራ ላስገባት እችላለሁ። የማትመቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ያለ ቀልድ «በቃ፣ ሄዳችሁ ሻይ ቅዱ» ይላል።

ጋድስቢ ሌላም ነገር ይላሉ። ቀድሞውኑ በሰው ዘንድ የሚናቅ ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ፣ ያ ትሕትና ሳይሆን ራስን ማዋረድ ነው ይላሉ። ይህ በሁለት ቋንቋ መሃል ያደጋችሁትን ይነካል። ብዙዎቻችሁ ስለ አማርኛችሁ ስትጽፉ ሰው ሳይስቅባችሁ ቀድማችሁ ትስቃላችሁ። እንበልና አንድ ወጣት እንዲህ ጻፈ፦

«የእኔ አማርኛ ሦስት ቃል ነው፤ ሰላም፣ ደህና፣ ቻው።»

ጥሩ ቀልድ ነው። እዚህ ላይ ከቆመ ግን ጋሻ ነው፤ «እኔ እንደሆንኩ አላውቅም፣ አትንኩኝ» ብቻ ይላል። ሦስተኛውን ክፍል ቢጨምርበትስ?

«የእኔ አማርኛ ሦስት ቃል ነው፤ ሰላም፣ ደህና፣ ቻው። ለአሥር ዓመት ከአያቴ ጋር በእነዚሁ ተግባባን። አራተኛ ቃል የፈለግኩት ሆስፒታል የገባች ቀን ነው። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ሁለታችንም አልዘጋነውም።»

ቀልዱ እንዳለ ነው፤ አንድ ቃል አልተነካም። አሁን ግን ጋሻ መሆኑ ቀርቶ መንገድ ሆኗል። በዚያ በኩል ገብተን ልጁ የሚያመውን ነገር አየነው።

ስለዚህ በጽሑፋችሁ ውስጥ በራሳችሁ ላይ የቀለዳችሁበትን ቦታ ስታገኙ፣ ቀልዱን በግልጽ አማርኛ ተርጉሙት። የዚህ ልጅ ቀልድ ቢተረጎም «ከአያቴ ጋር መነጋገር አልችልም» ማለት ነው። ከዚያ ያ ግልጽ ነገር በጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ተነግሮ እንደሆነ፣ ወይም በታሪኩ ታይቶ እንደሆነ ፈልጉ። ካገኛችሁት ቀልዱ ይቆይ። ከሌለ ቀልዱ እየሸፈነው ነው፤ ቀልዱን መሰረዝ ግን አያስፈልግም፤ ታሪኩን ቀጥሉት።

አማርኛ የሚሰጠን መሣሪያ

እንግሊዝኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የለመደ ሰው አማርኛ ሲጽፍ፣ ለዚህ ሥራ የሚያግዙ ትንንሽ ነገሮችን ሊያጣቸው ይችላል። ሦስቱን ልንገራችሁ፤ ሦስቱም ከላይ ባነበባችሁት ውስጥ አሉ።

አንደኛው «ሆዬ» ነው። «እኔ ሆዬ» ስንል፣ ሌላው ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ወይም ሲጠብቅ እኔ በተቃራኒው የማይሆን ነገር ላደርግ ነው ማለት ነው። አንባቢው ይህችን ቃል ሲሰማ ለመሳቅ ይዘጋጃል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ትበቃለች።

ሁለተኛው «ተብዬ» ነው። «አስተናጋጅ ተብዬዋ እኔ» ማለት፣ አስተናጋጅ ተብላለች እንጂ ምኑን አስተናጋጅ ሆነችው ማለት ነው። ይህች ቃል ትናከሳለች። «ዶክተር ተብዬው» ብትሉ ሰውየውን ሰድባችሁታል። በራሳችሁ ላይ ስታደርጓት ግን ከብዙ የማዋረጃ ቃል ይልቅ ቀለል ያለ ፈገግታ ታመጣለች።

ሦስተኛው የግሱ ቦታ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አንባቢው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ምን እንደሚሆን አያውቅም። «መርዶ ነጋሪዎቹን ቡና ካልጠጣችሁ ብዬ…» ካለ በኋላ ነው «ተጨቃጨቅኩ» የሚመጣው። ከመርዶ ጋር አብሮ የማይሄድ ቃል መጨረሻው ላይ ስለወደቀ ያስቃል። ያው ቦታ ለሐዘንም ይሠራል። «እኔ ግን አፈር አላለበስኳትም» በሚለው ውስጥ አሉታው የሚሰማው በመጨረሻው ቃል ነው። አፈር ማልበስ መቅበር ማለት መሆኑን ልብ በሉ።

«ተረዳሁ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው «ገባኝ» ነው። ሁለተኛው «መርዶ ተነገረኝ» ነው፤ የቀድሞ ሰዎች «እገሌ የእናቱን ሞት ተረዳ» ይላሉ። በዚያ ጠዋት ሁለቱም የሆኑት በአንድ ቅጽበት ነው። ማንም «ሞተች» አላለኝም። የረጠበ እጅ እጄን ያዘኝ፤ ገባኝም፣ ተረዳሁም። በዚህ ቦታ ላይ የሰምና ወርቅ ሥራውን ቋንቋው ራሱ ሠርቶልኛል። እኔ ያደረግኩት ቃሉን ብቻውን አንድ መስመር ላይ መተው ነው።

መቼ አይቀለድም?

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ከአንድ ዓመት በፊት ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ፒጃማው ገና አያስቅም፤ ያሳፍረኝ ነበር። የሚያሳፍራችሁን ነገር በቀልድ ስትጽፉ፣ ቀልዱ ወደ ስድብ ይሄዳል፤ «እኔ ደደብ» እና «እኔ የማልረባ» ይበዛበታል። ስድብ በዝቶ ካያችሁ፣ ቁስሉ አልደረቀም ማለት ነው። ያን ጊዜ ማስታወሻ ያዙ፤ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ምን እንዳለ መዝግቡ፤ ጽሑፉን ግን አቆዩት። ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያልን ሐዘንን በጊዜ የምንከፋፍለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሦስተኛው ቀን የማይባል ነገር በዓመቱ ይባላል።

ሌላው ገደብ፣ ምንም የሚያስቅ ነገር ያልነበረበት ቀን መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ቀልድ ፈልጋችሁ አትጨምሩ። በእኔ ጠዋት ውስጥ ዳክዬዎቹ በእውነት ነበሩ። የጻፍኳቸው እንዲያስቁ ብቻ አይደለም፤ ስለነበሩ ነው። ቀልድ በሐዘን ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው የሆነው ነገር አካል ሲሆን ነው።

ሦስተኛውን አጻጻፍም ለእህቴ አነበብኩላት። ወንድማችንን የጠየቅኩት ጥያቄ ላይ ሳቀች። የመኪና ማቆሚያው ላይ ሳቋ ቀነሰ። «ተይው ልጄ» የሚለው ላይ ስደርስ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ሲያልቅ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለችም። ትንሽ ቆየችና «ፀጉርሽን ስትሠራሽ ምን ትቀባሽ ነበር?» አለችኝ።

«ቅቤ» አልኳት። ከዚያ ስለ አያታችን እስከ እኩለ ሌሊት አወራኋት።